«19 JAN 58» በእኛ ስንት ነው? የፓስፖርትና የቪዛ ቀኖች አነባበብ

ፓስፖርታችሁን ግለጡና ፎቶው ያለበትን ገጽ ተመልከቱ። የትውልድ ቀን አለ፣ የተሰጠበት ቀን አለ፣ የሚያበቃበት ቀን አለ። በብዙ ፓስፖርቶች ላይ ሦስቱ ቀኖች እንዲህ ሆነው ነው የሚታተሙት፦

```
19 JAN 58
08 SEP 22
07 SEP 27
```

መጀመሪያ ቀኑ፣ መሐል ላይ ወሩ በሦስት ፊደል አጥሮ፣ መጨረሻ ላይ የዓመቱ ሁለት አኃዝ። አጻጻፉ የመጣው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለጉዞ ሰነዶች ካወጣው መስፈርት ነው። መስፈርቱ ሰነድ 9303 ይባላል። ዓመቱን በአራት አኃዝ የሚጽፉ አገሮችም አሉ። እንደዚያ ሲሆን ሥራው ይቀላል። ጣጣው የሚመጣው 58 ወይም 27 ብቻ ሲጻፍ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው። የቀበሌ መታወቂያችን፣ የክርስትናችን ቀን፣ እናቶቻችን በቃል የያዙት ዕድሜ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፓስፖርቱ ግን በፈረንጅ ነው። «58» የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲቆም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። 1958 በእኛም አለ፣ በፈረንጅም አለ። አንዱን ለሌላው የወሰደ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይስታል።

ፎርም በምንሞላበት ኮፒ ቤት በብዛት የሚያጋጥመኝን ዓይነት ጉዳይ ልውሰድና ደረጃ በደረጃ እንሂድበት። አንዲት እናት ውጭ አገር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። መታወቂያቸው ላይ የተወለዱት ጥር 11 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው ይላል። በጥምቀት ዕለት መሆኑ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ያሉት ቀኖች ከላይ ያያችኋቸው ሦስቱ ናቸው። እማማ ፓስፖርቱን ይዘው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ «ልጄ፣ ዓመቴን ተሳስተዋል፤ እኔ የ50 ነኝ፣ እነሱ 58 ብለው ጻፉ።» ሁለተኛ፣ «የሚያበቃው በ27 ስለሆነ ገና ብዙ ዓመት አለው፤ በእሱ አልቸገርም።» ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ የሚያሳዩት ቀጣዮቹ ደረጃዎች ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ቀኑንና ዓመቱን በፊደሎቹ ለዩ

የወሩ ፊደሎች መሐል ላይ የገቡት ሁለቱን ቁጥሮች ለመለየት ነው። ከፊደሎቹ በስተግራ ያለው ሁልጊዜ ቀን ነው፤ በስተቀኝ ያለው ሁልጊዜ ዓመት ነው። `08 SEP 22` ማለት ቀኑ ሴፕቴምበር 8፣ ዓመቱ 22 ማለት ነው። 22 የሚለው ቀን ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር አያስፈልግም።

ቀኑ ከአስር በታች ከሆነ ፊቱ ላይ ዜሮ ይጨመርበታል። `8 SEP` አይባልም፣ `08 SEP` ነው። ስለዚህ ዜሮውን እንደ ስህተት አትዩት፤ ወደ ፎርም ስትገለብጡም አትጣሉት።

በአንዳንድ አገር ፓስፖርት ላይ ወሩ ሁለት ጊዜ ተጽፎ በመሐሉ ዘንባላ መስመር ታያላችሁ፤ ለምሳሌ `12 JUL/JUIL 94`። አንዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሌላው በፈረንሳይኛ። ወሩ ግን አንድ ነው፤ ጁላይ። ሁለት ወር ወይም ከዚህ እስከዚያ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ወሩን በስሙ ያዙ፣ በቁጥሩ አትያዙ

አሥራ ሁለቱ አጽሕሮቶች እነዚህ ናቸው፦

```
JAN FEB MAR APR MAY JUN
JUL AUG SEP OCT NOV DEC
```

በዓይን የሚያሳስቱት ሦስት ጥንዶች ናቸው። `JAN` እና `JUN` በመሐል ፊደል ብቻ ይለያያሉ። `JUN` እና `JUL` በመጨረሻው ፊደል ብቻ። `MAR` እና `MAY` እንደዚሁ። ፎቶ ኮፒው ከደበዘዘ ወይም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፕላስቲክ ካንጸባረቀ እነዚህን ሁለት ጊዜ እዩ። ዓይናችሁን ካላመናችሁት ከገጹ ግርጌ ያለው መስመር ይነግራችኋል፤ እሱን ኋላ እንመጣበታለን።

ከዓይን ስህተት ይልቅ የሚከፋው ግን የአቆጣጠር ስህተት ነው። እኛ ወር የምንቆጥረው ከመስከረም ነው። ስለዚህ ማርች ሦስተኛው ወር ነው ሲባል ወዲያው ጭንቅላታችን ላይ የሚመጣው ኅዳር ነው። ኅዳር ግን ለኖቬምበር ነው የሚቀርበው። ማርች የሚገጥመው የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ነው። ስለዚህ `MAR` ስታዩ «መጋቢት አካባቢ» በሉ፤ `NOV` ስታዩ «ኅዳር አካባቢ» በሉ። በቁጥር ብቻ እንድትሞሉ የሚጠይቅ ፎርም ሲመጣ ለ`MAR` የምትጽፉት 03 ነው። መጋቢት ለእኛ ሰባተኛ ወር ስለሆነ ብላችሁ 07 ብትጽፉ ጁላይ አደረጋችሁት ማለት ነው።

በዓላትን ምልክት አድርጎ መያዝ ይረዳል። ጎንደሬ ጥምቀትን አይረሳም። ጥር 11 ብዙውን ጊዜ `19 JAN` ነው። ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ `07 JAN` ነው። መስቀል፣ መስከረም 17፣ `27 SEP` ነው። የዓድዋ ድል በዓል፣ የካቲት 23፣ `02 MAR` ነው። ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ `19 AUG` ነው። ያነበባችሁት ቀን ከእነዚህ በአንዱ አጠገብ ከሆነ በበዓሉ አመሳክሩት፤ ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ የጎደሉትን ሁለት አኃዞች ሙሉ

አሁን 58 የሚለው 1958 ነው ወይስ 2058? 27 የሚለውስ 1927 ነው ወይስ 2027? ሁለቱንም የምንጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ውስጥ ሆነን ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት።

የትውልድ ቀን ሲሆን መለያው ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ወደፊት አልተወለደም። 58 እንደ 2058 ቢነበብ ገና ያልደረሰ ዓመት ነው። ስለዚህ 1958 ነው። `12 JUN 30` የሚል የአያት ፓስፖርት ቢያጋጥማችሁም እንደዚሁ 1930 ነው። የአንድ ሕፃን ፓስፖርት ላይ `03 MAY 19` ቢል ግን 1919ም 2019ም አልፈዋል። እዚህ ጋ ፎቶውን እዩ። በፎቶው ላይ ያለው ሕፃን ከመቶ ዓመት በላይ ሊሆነው አይችልም፤ 2019 ነው።

የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ሲሆን ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ተራ ፓስፖርት የሚያገለግለው ቢበዛ ለአሥር ዓመት ያህል ነው። ለብዙዎቻችን የተሰጠው ደግሞ የአምስት ዓመት ነው። የእማማ ፓስፖርት ከ`08 SEP 22` እስከ `07 SEP 27` ነው። ከ2022 እስከ 2027፣ አንድ ቀን ሲቀረው አምስት ዓመት። ልኩ ገጠመ። ሁለቱን ቀኖች ስታነጻጽሩ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ከመጣላችሁ አንዱን በእኛ፣ አንዱን በፈረንጅ አንብባችሁታል።

የእማማ ሁለተኛው ስህተት እዚህ ጋ ነው። 27 ሲያዩ 2027 ዓ.ም. በእኛ መሰላቸው። በእኛ 2027 ገና ሩቅ ነው። በፈረንጅ 2027 ግን ከዚያ ሰባትና ስምንት ዓመት ቀድሞ ይደርሳል። ግልባጩም አለ፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። አሮጌ ፓስፖርት ላይ `09 OCT 18` የሚል ካለ፣ በእኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ያለ ሰው «ዘንድሮ ነው የሚያበቃው» ሊል ይችላል። ያ ፓስፖርት ግን በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሳይገባ፣ መስከረም 29 ቀን ነው ያበቃው። ሰው እንዲህ አንብቦ ቲኬት ይቆርጣል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የሚገለጥለት።

አራተኛ ደረጃ፦ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ

ዓመቱን ለመመለስ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ሰባትና ስምንት። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ያለ ቀን ከሆነ ሰባት ቀንሱ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለ ቀን ከሆነ ስምንት ቀንሱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈረንጆች ዓመቱን የሚቀይሩት በጃንዋሪ ነው፣ እኛ በመስከረም።

የእማማ ትውልድ ጃንዋሪ ላይ ነው። 1958 ሲቀነስ 8፣ 1950። መታወቂያው ላይ ያለው 1950 ነው። ፓስፖርቱ ልክ ነው ማለት ነው።

ቀኑን ለመመለስ ደግሞ የእኛ ወሮች በፈረንጅ የሚጀምሩባቸውን ቀኖች መያዝ ነው። ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ፓስፖርቱ ውስጥ ብታስቀምጡት አትከስሩም፦

```
SEP 11  መስከረም 1
OCT 11  ጥቅምት 1
NOV 10  ኅዳር 1
DEC 10  ታኅሣሥ 1
JAN 09  ጥር 1
FEB 08  የካቲት 1
MAR 10  መጋቢት 1
APR 09  ሚያዝያ 1
MAY 09  ግንቦት 1
JUN 08  ሰኔ 1
JUL 08  ሐምሌ 1
AUG 07  ነሐሴ 1
SEP 06  ጳጉሜን 1
```

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ከመጀመሪያው ቀን እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀንሱና አንድ ጨምሩ። `19 JAN` ሲሆን፣ ጥር 1 የሚውለው ጃንዋሪ 9 ነው። 19 ሲቀነስ 9፣ አሥር። አንድ ሲጨመር አሥራ አንድ። ጥር 11። እማማ ጥምቀት ዕለት ነው የተወለድኩት ያሉት ቀን ሳይዛነፍ መጣ።

ቀኑ ከመጀመሪያው ቀን ካነሰ ገና ያለፈው ወር ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። ያኔ ቀኑ ላይ 31 ጨምሩና የመጀመሪያውን ቀን ቀንሱ። `07 MAR` ቢሆን፣ 7 ሲደመር 31 ሠላሳ ስምንት። መጋቢት የሚገባው በ10 ስለሆነ ሠላሳ ስምንት ሲቀነስ አሥር፣ ሃያ ስምንት። የካቲት 28 ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ይህ ስሌት አያሳፍርም።

ሴፕቴምበር ብቻ ጠንቀቅ ይፈልጋል። ከ1 እስከ 5 ነሐሴ ነው፣ ከ6 እስከ 10 ጳጉሜን ነው፣ ከ11 ጀምሮ መስከረም። የእማማ ፓስፖርት የሚያበቃው `07 SEP 27` ነው። ሴፕቴምበር ስለሆነ ብሎ ሰባት የቀነሰ ሰው 2020 ይለዋል። ሴፕቴምበር 7 ግን ገና ጳጉሜን 2 ነው፤ አዲሱ ዓመት አልገባም። ስለዚህ ስምንት ነው የሚቀነሰው። ጳጉሜን 2 ቀን 2019 ዓ.ም.። በአንዲት ሳምንት ውስጥ ነው አንድ ዓመት የሚሳተው።

አንድ ቀን የሚያዛንፍ ጉዳይም አለ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሯሪ 29 ድረስ ከላይ ያለው ሰንጠረዥ ላይ አንድ አንድ ቀን ጨምሩ። ለምሳሌ የ2016 ጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ላይ የተከበረው በ`20 JAN` ነበር። በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚያው ይሆናል። ከማርች 1 በኋላ ፌብሯሪ 29 ራሷ ስለምታቃናው ሰንጠረዡ ሳይነካ ይሠራል።

ዓመቱን ብቻ ለሚያውቁ አባቶችና እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የእኛ 1950 በፈረንጅ አንድ ዓመት አይደለም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1957 ይጀምርና በሴፕቴምበር 10 ቀን 1958 ያልቃል። ቀኑ ሳይታወቅ መስከረም 1 ተብሎ የተሞላላቸው ሰው ፓስፖርታቸው ላይ `11 SEP 57` ሊል ይችላል። መታወቂያቸው 50፣ ፓስፖርታቸው 57 ቢል አይጣላም። ጥር የተወለዱት እማማ 58፣ መስከረም የተባሉት ጎረቤታቸው 57፤ ሁለቱም የ1950 ሰዎች ናቸው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከግርጌው መስመር ጋር አመሳክሩ

ከፎቶው ገጽ ግርጌ ላይ `<` የሚል ምልክት የበዛባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። ለማሽን የተጻፉ ናቸው፤ ሰውም ማንበብ ይችላል። በፓስፖርት ላይ እያንዳንዱ መስመር 44 ምልክት አለው። የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። በእሱ ውስጥ የዜግነቱን ሦስት ፊደል ፈልጉ፤ ለእኛ `ETH` ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን አንብቡ። የእማማ እንዲህ ይላል፦

```
ETH5801198F2709075
```

ከ`ETH` ቀጥሎ ያሉት ስድስት አኃዞች የትውልድ ቀን ናቸው፤ `580119`። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ መጨረሻ ላይ ቀን ነው። 58፣ 01፣ 19። ወሩ በቁጥር ስለሆነ `JAN` ነው ወይስ `JUN` የሚለው ክርክር እዚህ ያልቃል። 01 ከሆነ ጃንዋሪ ነው፣ 06 ከሆነ ጁን ነው። ደብዝዞ ያስቸገራችሁን ወር የምታረጋግጡት በዚህ ነው።

ከስድስቱ ቀጥሎ ያለው 8 የቀኑ አካል አይደለም። ማረጋገጫ አኃዝ ነው። የሚወጣውም ከስድስቱ አኃዞች ነው፤ በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ፣ ውጤቱ ይደመራል፣ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ ይወሰዳል። ለእማማ 35፣ 24፣ 0፣ 7፣ 3 እና 9 ይመጣል። ድምሩ 78፤ የመጨረሻው አኃዝ 8። ገጠመ። ይህን በየጊዜው ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ነገር ግን በስልክ የተላከላችሁ ፎቶ ደብዝዞ 1 ይሁን 7 ካልተለየ፣ እርሳስ አንስታችሁ ብታሰሉት ይለይላችኋል።

ቀጥሎ ያለው `F` ሴት ማለት ነው፤ ወንድ ቢሆን `M` ነው። ከእሱ በኋላ ያሉት ስድስት አኃዞች የሚያበቃበት ቀን ናቸው፤ `270907`። 27፣ 09፣ 07። የመጨረሻው 5 ደግሞ የዚያው ማረጋገጫ ነው። የተሰጠበት ቀን በዚህ መስመር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እሱን የምታነቡት ከላይ ብቻ ነው። ዓመቱ እዚህም በሁለት አኃዝ እንደሆነ ልብ በሉ። ክፍለ ዘመኑን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቪዛውን ከፓስፖርቱ ጋር አድርጋችሁ አንብቡ

አሁን እማማ ቪዛ ወጣላቸው እንበል። ተለጣፊው ላይ ያለው ይህ ነው፦

```
12 DEC 26
11 MAR 27
```

የላይኛው የሚጀምርበት፣ የታችኛው የሚያበቃበት ነው። 26 እና 27 ስለሚል ቪዛው የአንድ ዓመት የሚመስለው ሰው አለ። መልሱት። ዲሴምበር ስለሆነ 2026 ሲቀነስ 7፣ 2019። ቀኑ 12 ሲቀነስ 10 ሲደመር 1፣ ሦስት። ታኅሣሥ 3 ቀን 2019። ማርች ስለሆነ 2027 ሲቀነስ 8፣ አሁንም 2019። ቀኑ መጋቢት 2። ሁለቱም በአንድ ዓመተ ምሕረት ውስጥ ናቸው። የሦስት ወር ቪዛ ነው።

የሚያበቃበት ቀን ትርጉሙ እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ቪዛ ላይ ያለው ቀን እዚያ በር ደርሳችሁ ለመግባት የምትጠይቁበት የመጨረሻ ቀን ነው። ስንት ጊዜ እንደምትቆዩ የሚወሰነው ስትገቡ ነው። በሼንገን ቪዛ ላይ ያለው ቀን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ወጥታችሁ መገኘት ያለባችሁ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ የምትቆዩባቸው ቀኖች ብዛት ለብቻው ተጽፏል። አጻጻፋቸውም አንድ አይደለም። አሜሪካኖች `11MAR2027` ብለው ዓመቱን ሙሉ ይጽፉታል። ሼንገን ወሩንም በቁጥር አድርጎ `11-03-27` ይለዋል። የወር ፊደል ስለሌለ የማርችና የኅዳር መምታታት ከሁሉ የሚብሰው እዚህ ነው። 03 ማርች ነው።

ከዚያ የቪዛውን ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ስትገቡ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የሼንገን አገሮች ከምትወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር ይላሉ። የእማማ ፓስፖርት የሚያበቃው `07 SEP 27` ነው። ስድስት ወር ወደ ኋላ ሲቆጠር `07 MAR 27` ይመጣል፤ የካቲት 28 ቀን 2019። ቪዛው እስከ መጋቢት 2 ቢልም፣ ስድስት ወር ወደሚጠይቅ አገር ከሆነ የሚሄዱት ከየካቲት 28 በኋላ መድረስ አይችሉም። ሁለቱ ቀኖች የሚለያዩት በአራት ቀን ነው። ቪዛውን ብቻ ያየ ሰው አያውቀውም። ስድስት ወሩን ስትቆጥሩ በፈረንጅ ወር ቁጠሩት፤ ከዚያ ውጤቱን ወደ እኛ መልሱት። በእኛ ወር ብትቆጥሩ ጳጉሜን ትገባና ታዛንፋችኋለች።

የመጨረሻው የሌሊቱ ነገር ነው። ይህን ሳልናገር ማንንም አልሸኝም። እኛ ቀን የምንቀይረው ሲነጋ ነው፤ ፓስፖርትና ቪዛ የሚቀይሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከጎንደር አዘዞ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የውጭ በረራውን የሚያገኘው በሌሊት ነው። ቲኬቱ ላይ እንዲህ ቢል፦

```
12MAR 0130
```

በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ሁሉ «መጋቢት 2 ለ3 አጥቢያ» ይለዋል፤ ቤተሰብም «መጋቢት 2 ማታ ነው የምትሄደው» ብሎ ይሸኛል። ለሰነዱ ግን `12 MAR` ገብቷል። `11 MAR 27` ላይ የሚያበቃ ቪዛ ያለው ሰው በዚያ በረራ ሄዶ የሚደርሰው ቪዛው ካበቃ በኋላ ነው። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ይመልሰዋል። እንደዚሁ በመጀመሪያው በኩልም አለ፤ ቪዛው የሚጀምረው `12 DEC` ሆኖ `11DEC 2350` ላይ የሚያርፍ በረራ የያዘ ሰው አሥር ደቂቃ ቀድሞ ነው የደረሰው። ቲኬት ላይ ደግሞ ዓመት ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ ቲኬቱን ስትቀበሉ ሰዓቱን መጀመሪያ እዩ። ከ0000 እስከ 0559 ያለ ሰዓት ከሆነ፣ ቀኑን እንደተጻፈው ያዙት እንጂ በእኛ «ማታ» አትቁጠሩት። የምታመሳክሩትም ከመነሻው ሰዓት ጋር ብቻ አይደለም፤ በሚደርሱበት አገር ሰዓት ከተጻፈው የመድረሻ ቀን ጋር ነው።

ወደ ፎርሙ ስትገለብጡ ዓመቱን በአራት አኃዝ በፈረንጅ ሙሉ፤ ለእማማ 1958። 1950 ብላችሁ ብትሞሉ ፎርሙ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል፤ ምክንያቱም 1950 በፈረንጅም ያለ ዓመት ነው። ቪዛው ሲወጣ ግን የትውልድ ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ቪዛው በተለጣፊ ከወጣ እሱም በግርጌው እንደ ፓስፖርቱ ያለ መስመር አለው። የትውልድ ቀኑ እዚያም ከዜግነቱ ፊደሎች ቀጥሎ ነው። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጡና `580119` እና `580119` መሆናቸውን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አስተያዩ። አንድ አኃዝ ከተለየ፣ ወይም ከላይ ያለው ቀንና ከታች ያለው ከተጣሉ፣ ቲኬት ሳትቆርጡ ሰነዱን ወደ ሰጠው አካል መልሱ። በእጅ ማረም፣ መፋቅ ወይም በላዩ መጻፍ ሰነዱን ራሱን ያበላሸዋል።